አንድ አክሲዮን ለኢንቨስትመንት ኮሚቴ ሳቀርብ፦ ከግዢው ምክንያት እስከ መሸጫው መስመር

አክሲዮን ለኮሚቴ የሚያቀርብ ተንታኝ አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን የሚጨርሰው "ለምን እንግዛ?" የሚለው ላይ ነው። ሥጋቱ መጨረሻ ላይ በጥድፊያ ይጻፋል። መሸጫው ደግሞ "ዋጋው ያሰብነው ላይ ሲደርስ እንሸጣለን" በምትል አንድ መስመር ይታለፋል። ዋጋው እዚያ ሳይደርስ ነገሩ ቢበላሽስ? ስለዚያ የተጻፈ ነገር አይኖርም።

እኔ ሰነዱን የምሠራው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ "ይህን አክሲዮን ይዤ ሳለ ምን ባይ ልሽጥ?" ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን በቁጥር መጻፍ ካልቻልኩ የግዢ ምክንያቴ ገና አልጠራም ማለት ነው። ይህ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ያቀረብኩት አክሲዮን ላሳያችሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ቁጥሮቹንም ለመከተል እንዲቀልሉ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ኩባንያው ሊፍት ይሠራል፣ ይገጥማል፣ ከዚያም ይጠግናል። የዓመት ሽያጩ 1,000 ሚሊዮን ነው። ከዚህ ውስጥ 600ው ከአዲስ ሊፍት፣ 400ው ከጥገና ይመጣል። ትርፉን ስታዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ ሊፍት መሸጥ ፉክክሩ ከባድ ስለሆነ ከ100 ላይ 5 ብቻ ያስቀራል። ጥገናው 25 ያስቀራል። ስለዚህ ከወለድና ከግብር በፊት ካለው 130 ሚሊዮን ትርፍ 100ው የጥገና ነው፤ አዲስ ሽያጩ የሚያዋጣው 30 ነው። 10 ሚሊዮን ወለድና 25 በመቶ ግብር ሲነሳ 90 ሚሊዮን የተጣራ ትርፍ ይቀራል። አክሲዮኖቹ 10 ሚሊዮን ስለሆኑ በአንድ አክሲዮን 9 ይደርሳል። ያኔ የአክሲዮኑ ዋጋ 99 ነበር። የትርፉ 11 እጥፍ ማለት ነው።

ለምን ረከሰ? የሕንፃ ግንባታ ስለቀዘቀዘ። ገበያው "ሕንፃ ካልተሠራ ሊፍት አይሸጥም" አለ። እውነቱን ነው፣ አይሸጥም። ነገር ግን የተገጠመው ሊፍት ግንባታ ቆመ ብሎ መመላለሱን አያቆምም። መመላለሱን ካላቆመ ደግሞ መጠገን አለበት።

የግዢ ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር መቀመጥ አለበት። ብዙ ሰነድ ላይ የማየው ዓይነት እንዲህ ይላል፦ "ኩባንያው ጠንካራ የጥገና ሥራ አለው፤ ገበያው ይህን አላየለትም።" ይህ ስህተት የለበትም፤ ግን ልትፈትኑት አትችሉም። ጠንካራ ማለት ስንት ነው? ነገ ቢደክም በምን ታውቃላችሁ? እኔ ያቀረብኩት ይህ ነበር፦ "ኩባንያው የሚጠግናቸው 80,000 ሊፍቶች አሉት። በየዓመቱ 97 በመቶው ውላቸውን ያድሳሉ። ይህ እስከቀጠለ ድረስ የአዲስ ሊፍት ሽያጭ በአምስተኛ ቢወርድ እንኳ በ3 ዓመት ውስጥ ጠቅላላ ትርፉ አይቀንስም።"

አሁን የሚለካ ነገር አለን። 80,000 ሊፍት እያንዳንዱ በዓመት 5,000 ይከፍላል፤ 400 ሚሊዮን ይሆናል። በየዓመቱ 3 በመቶው፣ ማለትም 2,400 ሊፍት፣ ውሉን ሳያድስ ይሄዳል። በሌላ በኩል ኩባንያው ከዚህ ቀደም ከገጠማቸው ውስጥ 5,000 ያህሉ በየዓመቱ ወደ ጥገና ውል ይገባሉ። የተጣራው ጭማሪ 2,600 ነው፤ ከ3 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። በውሉ መሠረት ክፍያውም በየዓመቱ 3 በመቶ ያድጋል። ሁለቱ ሲደመሩ የጥገናው ገቢ በዓመት 6 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ በ3 ዓመት 400ው ወደ 480 ይጠጋል።

ይህን ሳቀርብ የኮሚቴው ሰብሳቢ ያነሱት ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነበር። "የጥገናው ደንበኛ የሚመጣው ከአዲሱ ሽያጭ አይደለም እንዴ?" አሉ። "አዲሱ ከቀነሰ ምንጩ ይደርቃል። ሁለቱን ለያይተህ ማየት ትችላለህ ወይ?"

መልሴ ሰነዱ ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም የዚህ አክሲዮን ዋና ሥጋት ይህ ነው። ሥጋት ስትጽፉ የግዢውን ምክንያት ራሱን የሚመታውን ፈልጉ። "የምንዛሪ ለውጥ፣ የወለድ መጨመር፣ የአስተዳደር ለውጥ" እያሉ መደርደር ለማንኛውም ኩባንያ ይሠራል፤ ኮሚቴውም በዓይኑ ብቻ ያልፈዋል። እኔ ይህን አሳየሁ። አዲስ ሽያጩ በ30 በመቶ ቢወርድ ወደ ጥገና የሚገባው ከ5,000 ወደ 3,500 ይወርዳል። የሚሄደው 2,400 እንዳለ ቢሆን አሁንም 1,100 ይጨመራል። እድገቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አይቆምም። ከዚህም በላይ አዲስ ሊፍት ተገጥሞ፣ ነፃ የጥገና ጊዜው አልቆ፣ ወደሚከፈልበት ውል እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ የሚቀንሰው ሽያጭ የጥገናውን ቁጥር የሚነካው ዘግይቶ ነው።

አሁን ሌላውን ቁጥር ነካ እናድርገው። ውላቸውን የሚያድሱት ከ97 ወደ 94 በመቶ ቢወርዱስ? የሚሄደው 4,800 ይሆናል። የሚገባው 3,500 ነው። ጥገናው በዓመት በ1,300 ሊፍት ይቀንሳል። ሦስት በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ የግዢውን ምክንያት ግን ትገለብጠዋለች። የእድሳቱ መጠን በአንድ በመቶ በተንቀሳቀሰ ቁጥር 800 ሊፍት ይሄዳል ወይም ይመጣል። ስለዚህ ኮሚቴውን "ከአዲስ ሽያጩ ይልቅ ዓይናችን እድሳቱ ላይ ይሁን" አልኳቸው።

ደንበኛ ለምን ይሄዳል? እዚህ ላይ ከሰነድ ወጥቶ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕንፃ የሚያስተዳድሩ ሰዎችን አነጋገርኩ። ነገሩ በሊፍቱ ዕድሜ ይወሰናል። አዲሶቹ ሊፍቶች የመቆጣጠሪያ ሰሌዳቸው የአምራቹ ነው። ብልሽቱን ለማንበብ የአምራቹ መሣሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላ ጠጋኝ ማስገባት ከባድ ነው። አሮጌዎቹን ግን ሙያውን የሚያውቅ ማንኛውም ቴክኒሺያን ይጠግናቸዋል። አሮጌ ሊፍት ያለው ሕንፃ በርካሽ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ሲመጣለት ለመሄድ ብዙ አያመነታም። ደንበኞቹ በዋጋ ብቻም አይሄዱም። አንድ የሕንፃ አስተዳዳሪ "ሊፍቱ ሲቆም ቶሎ ከመጡልኝ በዋጋ አልከራከርም፤ ሰው ውስጥ ተይዞ እያለ ካዘገዩኝ ግን ውሉ ሲያልቅ ሌላ እፈልጋለሁ" አለኝ። ይህን ሰምቼ አንድ ጥያቄ ወደ ኩባንያው ወሰድኩ፦ የቴክኒሺያኖቻችሁ ቁጥር ከሊፍቶቹ ጋር አብሮ እያደገ ነው ወይ? ወጪ ለመቀነስ ቴክኒሺያን የሚያሳንስ ኩባንያ ዛሬ ትርፉ ያምራል፤ ደንበኞቹ የሚሄዱት ውላቸው ሲያልቅ ስለሆነ ጉዳቱ ዘግይቶ ይታያል።

ሌሎቹን ሥጋቶች አጠር አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንዱን ግን ላነሳው ይገባል፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። አዲስ ሊፍት የሚያዝ ደንበኛ ቅድሚያ ክፍያ ይከፍላል። በሒሳብ መዝገቡ ላይ 120 ሚሊዮን የደንበኞች ቅድሚያ ክፍያ ነበር፤ የአዲስ ሽያጩ አምስተኛ መሆኑ ነው። ትዕዛዝ እያደገ ሲሄድ ይህ ገንዘብ ያለ ወለድ እንደተገኘ ብድር ያገለግላል። ትዕዛዝ ሲቀንስ ግን አሮጌው ቅድሚያ ክፍያ በሥራ ያልቃል፤ አዲሱ አይተካውም። ጥሬ ገንዘብ ይወጣል። አዲስ ሽያጩ በአምስተኛ ቢወርድ 24 ሚሊዮን፣ በአንድ አክሲዮን 2.4 ይወጣል። ከትርፍና ኪሳራው መግለጫ ላይ ይህን አታዩትም። ስለዚህ በትመናው ላይ ቀነስኩት።

ወደ ትመናው እንምጣ። "ይህ አክሲዮን ስንት ያወጣል?" ከማለቴ በፊት "ዛሬ ያለው ዋጋ ምን እያለ ነው?" ብዬ እጀምራለሁ። ጥገናውን ብቻውን እንውሰድ። 100 ሚሊዮን ትርፍ፣ ወለዱን ሙሉ በሙሉ እሱ ይሸከም፤ 90 ይቀራል። ከግብር በኋላ 67.5 ሚሊዮን፣ በአንድ አክሲዮን 6.75 ነው። በውል የተያዘ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ትርፍ በመሆኑ 14 እጥፍ ሰጠሁት፤ 94.5 ይመጣል። ዋጋው 99 ነበር። ስለዚህ ገበያው ለአዲስ ሊፍት ሥራው በሙሉ የሚከፍለው 4.5 ብቻ ነው። ይህ ለኮሚቴ ጠቃሚ ነው፤ ከኛ ጋር እንዲስማሙ ሳይሆን የትኛው ግምት ላይ እንደምንከራከር እንዲያዩ ያደርጋል። ክርክሩ 14 እጥፉ ላይ ነው።

ከዚያ ከ3 ዓመት በኋላ ሊሆኑ የሚችሉ ሦስት ሁኔታዎችን አስቀመጥኩ። በመካከለኛው፣ ጥገናው 480 ይደርሳል፤ አዲሱ ወርዶ እሱም 480 ይሆናል። ጥገናው 120 ያተርፋል፤ አዲሱ ከ100 ላይ የሚያስቀረው በግማሽ ስለሚቀንስ 12 ብቻ። ወለድና ግብር ሲነሳ በአንድ አክሲዮን 9.15 ነው። በ14 እጥፍ 128፤ የቅድሚያ ክፍያው ሲቀነስ 126 አካባቢ። በመጥፎው፣ እድሳቱ ይወርዳል፣ አዲሱ ኪሳራ ይገባል፣ እጥፉም 11 ላይ ይቀራል፤ 52 ይመጣል። በጥሩው፣ ግንባታ ያገግማል፤ 169 ይመጣል። ለመካከለኛው ግማሽ፣ ለሁለቱ ጫፎች ሩብ ሩብ ዕድል ሰጠሁ። አማካዩ 118 ሆነ። በ3 ዓመት የሚገኘው የትርፍ ድርሻ 9 ሲጨመርበት 127።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልደብቅ ጻፍኩ፤ እናንተም እንድታደርጉት አጥብቄ እመክራለሁ። በመካከለኛው ሁኔታ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ዛሬ 9 ነው፤ ከ3 ዓመት በኋላ 9.15። አላደገም ማለት ይቻላል። ታዲያ ዋጋው ከ99 ወደ 126 የሚሄደው በምንድን ነው? እጥፉ ከ11 ወደ 14 ስለሚያድግ ነው። እጥፉ 11 ላይ ቢቀር ዋጋው 98 ነው፤ ከትርፍ ድርሻው በስተቀር ምንም አናገኝም። ስለዚህ የምንገዛው የትርፍ እድገት አይደለም። የምንገዛው የትርፉ ጥራት መለወጥን ነው፦ የጥገናው ድርሻ ከጠቅላላ ትርፉ ከ77 በመቶ ወደ 91 በመቶ ሲወጣ ገበያው ኩባንያውን እንደ ግንባታ ኩባንያ ማየቱን ያቆማል ብለን ነው። ይህ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ኮሚቴው የሚገዛውን አውቆ እንዲገዛ እያንዳንዱ የትርፍ ምንጭ ለየብቻ መታየት አለበት።

ኮሚቴያችን በዓመት ቢያንስ 12 በመቶ የማያስገኝ ነገር ውስጥ አይገባም። በ99 ገዝተን 127 ብናገኝ በዓመት 9 በመቶ አይሞላም። ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ "ዛሬ አንግዛ" የሚል ነበር። ከ90 በታች ከመጣ ግን እንግዛ፤ እዚያ ላይ 12 በመቶው ይሞላል። አንድ የኮሚቴ አባል "ጥሩ ኩባንያ ከሆነ ለ9 ነጥብ ብለን እንተወው?" አሉ። የእኔ አቋም ዕድሎቹ ራሳቸው ግምት ናቸው የሚል ነበር። ሩብ ያልኩት ሲሶ ሊሆን ይችላል። የዋጋው ልዩነት ያንን የሚሸፍንልን ትራስ ነው። ተስማሙ። የመግዣ ጣሪያ 90፣ ከፖርትፎሊዮው 3 በመቶ።

ከዚህ በኋላ ነው ከሁሉም በላይ የደከምኩበት ገጽ የሚመጣው። የመሸጫ ሁኔታዎቹ እነዚህ ነበሩ።

የመጀመሪያው ምክንያቱ ሲፈርስ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ውላቸውን ያደሱት ከ95 በመቶ በታች ከወረዱ እንሸጣለን፤ ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም። 95ን የመረጥኩት በ97 እና በ94 መካከል ስለሆነ ነው። አዲስ ሽያጩ በ30 በመቶ ከወረደ 94 ላይ ጥገናው እየቀነሰ ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም። ከዚህ ሥር አንዲት ተጨማሪ መስመር ጻፍኩ፦ "ኩባንያው የእድሳቱን ቁጥር ማውጣት ካቆመ ወይም የሚቆጥርበትን መንገድ ከለወጠ፣ ቁጥሩን ራሳችን እናሰላለን፤ ማስላት ካልቻልን እንደወረደ እንቆጥረዋለን።"

ሁለተኛው አስተዳደሩ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ሲያውል ነው። ከጥገና ጋር የማይገናኝ ትልቅ ኩባንያ ለመግዛት ከተበደረ እንሸጣለን። ሦስተኛው ጊዜ ነው። 2 ሙሉ የበጀት ዓመት አልፎ የጥገናው ድርሻ እንዳሰብነው አድጎ እጥፉ ግን ከ12 ካልዘለለ፣ ገበያው ይለወጣል ያልነው ግምት አልሠራም። ያኔ አክሲዮኑ እንደ አዲስ ለኮሚቴ ይቀርባል፤ አዲስ ምክንያት ካልተገኘ ይሸጣል። አራተኛው ዋጋ ነው። 126 ከደረሰ ግማሹን እንሸጣለን፤ ቀሪውን ለመያዝ አዲስ ትመና ያስፈልጋል።

ዋጋ በመውረዱ ብቻ እንሽጥ ወይስ አንሽጥ የሚለው ላይ ረጅም ክርክር ሆነ። አንደኛው አባል "20 በመቶ ከወረደ ይሸጥ" አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ከ90 ወደ 72 የወረደው ግንባታ ይበልጥ ስለቀዘቀዘ ከሆነና እድሳቱ 97 ላይ ካለ፣ የተሸጠው ነገር የተሻለ ዋጋ ላይ ያለ ያው አክሲዮን ነው። ነገር ግን ዋጋ ሲወርድ አንዳንዴ ገበያው እኛ ያላወቅነውን አውቆ ነው። ስለዚህ በመካከል ተገናኘን። 25 በመቶ ከወረደ አይሸጥም፤ ግን ከእኔ ሌላ ተንታኝ ሰነዱን ወስዶ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተቃውሞውን ወገን ጽፎ ያቀርባል። እኔ አቅራቢ ስለሆንኩ ለምክንያቴ ማዳላቴ አይቀርም። ለዚህ የሚበጀው ሌላ ሰው ነው።

ዋጋው በኋላ 89 ላይ መጣ፤ ገዛን። ከዚያ ግንባታ ያገግማል የሚል ወሬ ገበያው ውስጥ ገባና አክሲዮኑ 108 ደረሰ። ሁሉም ደስ ብሎታል። በዚህ መሐል የኩባንያው የግማሽ ዓመት ሪፖርት ወጣ። "በጥገና ሥር ያሉ ሊፍቶች 84,000 ደረሱ" ይላል። የእድሳት መጠን የሚል መስመር ግን የለም። ካለፈው ሪፖርት ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ። አሮጌው "የሚከፈልበት የጥገና ውል ያላቸው" ይላል። አዲሱ "በጥገና ሥር ያሉ" ይላል። ነፃ የጥገና ጊዜያቸው ያላለቀው አዲስ ሊፍቶችም አብረው ተቆጥረዋል ማለት ነው።

ማስላት ይቻላል? ይቻላል። የግማሽ ዓመቱ የጥገና ገቢ 202 ሚሊዮን ነበር፤ በዓመት 404። ክፍያው በውሉ መሠረት 3 በመቶ ስለጨመረ አንድ ሊፍት 5,150 መክፈል ነበረበት። 404 ሚሊዮንን በ5,150 ስታካፍሉት 78,500 ያህል ከፋይ ሊፍት ይመጣል። 84,000 አይደለም። መነሻችን 80,000 ነበር። በዓመቱ 5,000 አዲስ ገብቶ 78,500 ላይ ከቆመ የሄደው 6,500 ነው። ያደሱት 92 በመቶ ገደማ ናቸው ማለት ነው።

ኩባንያውን ጠየቅን። መልሱ "ለረጅም ጊዜ ደንበኞች ቅናሽ ስላደረግን አማካይ ክፍያው ቀንሷል" የሚል ነበር። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ 84,000ው ሁሉ ከፋይ ነው፤ ግን አንዱ የሚከፍለው 4,810 ነው። ደንበኛውን ለማቆየት ዋጋ መቀነስ ተጀምሯል። ያ ደግሞ በየዓመቱ 3 በመቶ ያድጋል ያልነውን ያፈርሰዋል። ከሁለቱ ማብራሪያ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቅ አላስፈለገንም። በሁለቱም በኩል ጥገናው በ6 በመቶ አያድግም። ያደገው በ1 በመቶ ነው።

ኮሚቴው ላይ ያኔ የነበረው ስሜት መሸጥን አይፈልግም ነበር። ዋጋው እየወጣ ነው፤ ትርፍ ላይ ነን፤ ግንባታ ሊያገግም ነው። "ግንባታ ካገገመ ጥሩው ሁኔታ ላይ አይደለን?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም እኛ የገዛነው ግንባታ ያገግማል ብለን አልነበረም። የግንባታ ማገገምን መግዛት የሚፈልግ ሰው ሌላ ሰነድ ይጽፋል፤ ሌላ ሥጋት፣ ሌላ ትመና፣ ሌላ መሸጫ ይዞ ይመጣል። በመንገድ ላይ ምክንያት ሲቀየር አሮጌው መሸጫ አይሠራም፤ አዲሱም አልተጻፈም። በዚያ መሐል ያለ አክሲዮን ጠባቂ የለውም። ሰብሳቢው የመሸጫውን ገጽ አወጡና የ95 በመቶዋን መስመር ጮክ ብለው አነበቡ። "ይህን የፈረምነው እኛ ነን" አሉ። ድምፅ ተሰጠ፤ ይሸጥ ተባለ።

አሸጣጡም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በአንድ ቀን ብንለቀው ዋጋውን ራሳችን እናወርደዋለን። በሰነዱ ላይ አስቀድሞ "በቀን ከሚገበያየው ከ15 በመቶ በላይ አንሸጥም" ተብሎ ስለነበር ጥቂት ሳምንታት ወሰደ። አማካይ የመሸጫ ዋጋው 106 ሆነ። አነስተኛ አክሲዮን የምታቀርቡ ከሆነ ይህን ስሌት ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩት። ለመውጣት ሦስት ወር የሚፈጅ ከሆነ የመሸጫ መስመራችሁ ቀደም ብሎ መሰመር አለበት፤ በእኔ ምሳሌ 95 ሳይሆን 96 ላይ።

አሁን አዲስ ሰነድ ስጀምር የምሞላው ሠንጠረዥ አራት ዓምድ አለው። በመጀመሪያው የግዢው ምክንያት የቆመበት ቁጥር፣ በሁለተኛው ቁጥሩ በየትኛው ሪፖርት በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ፣ በሦስተኛው ስንት ሲደርስ እንደምንሸጥ ይጻፋል። አራተኛው ከሊፍቱ ኩባንያ በኋላ የጨመርኩት ነው፦ ኩባንያው ቁጥሩን ቢደብቅ ከየትኞቹ ሌሎች ቁጥሮች እንደማሰላው። ለሊፍቱ ቢሆን "የጥገና ገቢ ሲካፈል በውል ክፍያ" የሚል ይሆናል። አራተኛውን ዓምድ መሙላት ያቃተኝ አክሲዮን ካለ ለኮሚቴ ሳቀርብ እሱንም በግልጽ እጽፋለሁ፤ የሚያዘው መጠንም ከሌሎቹ ግማሽ እንዲሆን እጠይቃለሁ።